ቀብድ ቢሆን ኖሮ እጥፍ ይመለስልኝ ነበር

ለመገበያያ መተግበሪያው አስተዳደርና ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ከጅማ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ።

የድርጅታችሁን ስም እዚህ አልጽፍም። የሻጩንም አልጽፍም። እናንተ ግን ማን እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። የትዕዛዝ ቁጥሬን በአፑ ውስጥ ባለው የመልእክት ሳጥን አራት ጊዜ ልኬላችኋለሁ። ሁለት ጊዜም ደውያለሁ። ከአራቱ መልእክቶች ለሦስቱ የደረሰኝ መልስ ቃል በቃል አንድ ነው፤ «ስለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን»። ለአራተኛው እስካሁን መልስ የለም። ደብዳቤውን በአደባባይ የማወጣው ለዚህ ነው። ስድብ የለበትም። አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። ገንዘቡ የተከፈለበት፣ ሻጩም «ተቀብያለሁ» ያለው ትዕዛዝ ለምን ተሰረዘ?

ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገር።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። አባቴ ደግሞ ማና ወረዳ ውስጥ ቡና አላቸው። ብዙ አይደለም። ቀዩን ለቅመው ማድረቂያ አልጋ ላይ አድርቀው ከነገለባው፣ በጀንፈል ይሸጣሉ። የጀንፈል ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል። ደረቀ አልደረቀ የሚለው የዓመቱ ትልቁ ክርክር ነው። አባቴ ፍሬውን ጆሯቸው ሥር ነቅነቅ አድርገው ድምፁን ይሰማሉ። ከዚያ አንዱን ፈልፍለው በጥርሳቸው ይሞክሩታል። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበት ነው፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳቱም። ችግሩ ገዢው ጥርስ አያምንም። ገዢው መሣሪያ ይዞ ነው የሚመጣው። ቁጥሩን አይቶ «እርጥብ ነው» ካለ ክርክሩ አለቀ።

ስለዚህ ዘንድሮ ለቀማው ሳይጀመር የእርጥበት መለኪያ ልገዛላቸው አሰብኩ። በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ። ጅማ ውስጥ ጠይቄ የሚሆነኝን አላገኘሁም። እናንተ ጋ አንድ አዲስ አበባ ያለ ሻጭ በ23,400 ብር ለጥፎት አየሁ። 4.8 ኮከብ አለው። «ወደ ክልል ከተሞች እንልካለን» ይላል። ሰኞ ጥቅምት 17 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ አዘዝኩ። በቴሌብር ሙሉውን ከፈልኩ። የክፍያው መልእክት ወዲያው ስልኬ ላይ ገባ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከእናንተ «ሻጩ ትዕዛዝዎን ተቀብሏል፤ በዝግጅት ላይ ነው» የሚል መልእክት መጣ። ይህችን መልእክት አስታውሱልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ማክሰኞ ዝግጅት ላይ ነው። ረቡዕም ዝግጅት ላይ ነው። ሐሙስ ለአባቴ ደውዬ «ሰኞ ይደርሳል» አልኳቸው። መቸኮሌ ጥፋቴ ነው። ቅዳሜ ጥቅምት 22 ማታ ስልኬን ከፍቼ ሳይ «ተሰርዟል» ይላል። በቀይ። ከሥሩ «የተሰረዘበት ምክንያት» የሚል ርዕስ አለ። ከርዕሱ ቀጥሎ አንድ ሰረዝ ብቻ። ባዶ።

ስልክ አልተደወለልኝም። መልእክት አልተላከልኝም። አፑን ባልከፍት ኖሮ ሰኞ ዕለት መናኸሪያ ሄጄ ዕቃ ስጠብቅ እውል ነበር።

እሑድ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ጨዋ ናት፤ በእሷ ቅሬታ የለኝም። «እህቴ፣ የሰረዘው ሻጩ ነው» አለችኝ። ለምን አልኳት። «ምክንያቱ ሲስተሙ ላይ አይታየንም።» ለእናንተ አይታያችሁም ወይስ አልተጻፈም? ትንሽ ዝም አለች። «ለሻጩ መጻፉ ግዴታ አይደለም» አለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያገኘሁት እውነተኛ መልስ ይህ ብቻ ነው፤ አመሰግናታለሁ። ሻጭ የተከፈለበትን ትዕዛዝ ለመሰረዝ አንድ ቁልፍ ይጫናል። አንድ ቃል መጻፍ አይጠበቅበትም። አፑን የሠራችሁት እንደዚያ አድርጋችሁ ነው።

አሁን ወደ ገበያችን ልውሰዳችሁ። ሐሙስ ሐሙስ ሕርማታ የቆመ ሰው ቀብድ ምን እንደሆነ ማንም አያስተምረውም። ልጅ ሆኜ አባቴ አንዲት ጊደር ለመሸጥ ተስማምተው ቀብድ ተቀበሉ። ገዢው ቀሪውን በሳምንቱ ሊያመጣ ሄደ። በማግስቱ ሌላ ሰው የተሻለ ዋጋ ይዞ ቤት ድረስ መጣ። እናቴ ዓይኗን በአባቴ ላይ ተከለች። ገንዘቡ ያስፈልገን ነበር። አባቴ «ቀብድ ተቀብያለሁ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሰውየውም አልተከራከረም፤ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ።

አባቴ መልአክ ስለሆኑ አይደለም። ቀብድ ተቀብሎ የሚክድ ሰው በሚቀጥለው ሐሙስ እዚያው ገበያ ላይ መቆም አለበት። ሁሉም ያየዋል። ከዚያም አልፎ ነገሩ ሕግ አለው። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ላይ ተጽፏል። የተለየ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል። ቀብድ የተቀበለ ሰው ደግሞ ውሉን ቢተው የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። አያችሁ? ሕጉ ሻጩን ሐሳብህን መቀየር አትችልም አላለውም። ትችላለህ፤ ግን ዋጋ አለው ነው ያለው።

የእኔ ጉዳይ ግርም የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። እኔ የከፈልኩት ቀብድ አይደለም። ሙሉ ዋጋውን ነው። 5,000 ብር ቀብድ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ «10,000 መልስልኝ» ብዬ የምከራከርበት አንቀጽ ነበረኝ። ሙሉውን አምኜ ስለከፈልኩ ሻጩ ያለ አንዳች ወጪ ቁልፍ ተጭኖ ወጣ። የበለጠ ያመነ ገዢ ያነሰ ጥበቃ አገኘ ማለት ነው። ጠበቃ ዘመድ ስላለኝ ጠይቄዋለሁ። «ሙሉ ክፍያ ቀብድ አይባልም፤ ግን ውል መኖሩን ያሳያል» አለኝ።

ውል ነበረ ወይ የሚለውን አንድ ጊዜ እንየው። ዕቃ ደርድሮ ዋጋ መለጠፍ ብቻውን ሻጩን አያስርም። ይህንንም ሕጉ ራሱ ቁጥር 1687 ላይ ይላል። ስለዚህ ሻጩ ሰኞ ጠዋት «ይቅርታ፣ አልሸጥም» ቢለኝ ኖሮ አፌን ይዤ እቀመጥ ነበር። ያቺ አስታውሱልኝ ያልኳችሁ መልእክት ግን አለች። «ሻጩ ትዕዛዝዎን ተቀብሏል።» እኔ ዋጋውን ከፍዬ አዘዝኩ፣ እሱ ተቀበለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በመካከላችን ያለው ሽያጭ ነው። በሕግ የተቋቋመ ውል ደግሞ ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ይላል ቁጥር 1731። እናንተ ግን «ተቀብሏል» የሚለውን ቃል እንደ ጌጥ ነው የተጠቀማችሁበት። ሻጩ ከተቀበለ በኋላም ሆነ ከመቀበሉ በፊት የመሰረዣው ቁልፍ ያው አንድ ነው።

ሁለተኛ ስደውል ሌላ ሠራተኛ ነው ያነሳው። «እኛ ገዢና ሻጭ አገናኝ ብቻ ነን» አለኝ። ይህን አባባል ወረቀት ላይ ብትጽፉት ያምራል። ነገር ግን 23,400 ብሩ የገባው በማን ስም ነው? የቴሌብር መልእክቱ ላይ ያለው ተቀባይ ሻጩ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ። ገንዘቡን የያዛችሁት ዕቃው እስኪደርስ ገዢውን ለመጠበቅ እንደሆነ ራሳችሁ አፑ ላይ ጽፋችኋል። ጥሩ አሠራር ነው። በዚያ ምክንያት ነው የማላውቀው ሰው ዕቃ ላይ ይህን ያህል ብር ያወጣሁት። ገንዘብ የያዘ ሰው ግን አገናኝ ብቻ ነኝ ሊል አይችልም። የጅማ ደላላ እንኳ ሻጭ ሲጠፋበት ቤቱ ድረስ ሄዶ ያንኳኳል። ምን ሆነህ ነው ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱን ይዞልኝ ይመጣል። እናንተ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው ያቃታችሁ።

ለሻጩ ፍርድ እንዳላጎድል ብዬ ምክንያቶቹን እኔው ለራሴ ደረደርኳቸው። በሱቅ ስለምሠራ ዕቃ እንዴት እንደሚጠፋ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ዕቃው አልቆበት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሻጭ በኢንተርኔት የለጠፈውን ዕቃ ሱቁ መደርደሪያ ላይም አስቀምጦ ይሸጣል። አንድ ፍሬ ብቻ ካለው በሩ ላይ የመጣ ሰው ቀድሞ ሊወስድበት ይችላል። ይህ ያጋጥማል፤ እኔንም አጋጥሞኛል። ወይም ሳጥኑን ሲከፍት ተሰብሮ አግኝቶት ይሆናል። ወይም ዋጋውን ሲጽፍ ተሳስቶ። ወይም ደግሞ ጅማ ድረስ መላኪያው ካሰበው በላይ ሆኖበት።

እነዚህ ሁሉ ግን ዱካ አላቸው። ዕቃው ካለቀ ማስታወቂያው ይወርዳል። ከተሰበረም እንዲሁ። የዋጋ ስህተት ከሆነ ብዙውን ጊዜ አንድ ዜሮ የጎደለበት ዓይነት ነው፤ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። መላኪያው ከብዶት ከሆነ «ወደ ክልል እንልካለን» የሚለውን ያነሳዋል ወይም ደውሎ «እህቴ፣ መላኪያውን ጨምሪልኝ» ይላል።

ሰኞ ጥቅምት 24 አፑን ከፍቼ ያንኑ ዕቃ ፈለግኩ። አለ። ያው ሻጭ፣ ያው ፎቶ። ሳጥኑን የያዘው እጅ ላይ ያለችው ቀለበት ሳትቀር ያችው ናት። «ወደ ክልል ከተሞች እንልካለን» የሚለውም እዚያው አለ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ዋጋው 27,900 ብር ሆኗል። በ4,500 ብር ጨምሯል፤ ከመቶ 19 ማለት ነው።

እንግዲህ እኔ የሻጩን ልብ አላየሁም። ዋጋ ጨምሮ ሊሸጥ ብሎ ነው የሰረዘው ብዬ ልምልላችሁ አልችልም። ምናልባት የእኔ ዕቃ በእውነት ተበላሽቶ፣ ቀጥሎ ያስመጣው ደግሞ ተወዶበት ሊሆን ይችላል። ዕቃ እንደሚወደድ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። የደብተር ካርቶን ካምናው ዘንድሮ በስንት እንደማመጣ እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ለራሴ ደንበኛ በአሮጌው ዋጋ ተቀብዬ ገንዘቡን ከያዝኩ፣ ኪሳራውን እችላለሁ ወይም ደውዬ እለምነዋለሁ። ሻጩ አንድ መስመር ቢጽፍ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጠረጥርም ነበር። ምክንያት ያልተጻፈበት ቦታ ላይ ገዢው የራሱን ምክንያት ይጽፍበታል። ያ ደግሞ ለሐቀኛ ሻጭም ጥሩ አይደለም።

አሁን ይበልጥ ያናደደኝን ልንገራችሁ። በሻጩ ገጽ ላይ የደረሰብኝን ልጽፍ ሞከርኩ። ሌላ ሰው ቢያንስ አውቆ ይግባ ብዬ። «ይህ ትዕዛዝ ስላልተጠናቀቀ አስተያየት መስጠት አይቻልም» አለኝ። መጀመሪያ ተበሳጨሁ። በኋላ ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው ያ 4.8 ኮከብ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ።

ኮከብ የሚሰጠው ዕቃው የደረሰው ሰው ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ሻጭ መቶ ትዕዛዝ ተቀበለ እንበል። ሰባውን ላከ፣ ሠላሳውን ያለ ምክንያት ሰረዘ። ሰባዎቹ ደስ ብሏቸው አምስት አምስት ኮከብ ይሰጣሉ። ሠላሳዎቹ አፋቸው ተለጉሟል። ገጹ ላይ የሚታየው ምንድን ነው? ወርቅ የሆነ ሻጭ። እኔ ሰኞ ጠዋት አይቼ የታመንኩበት ቁጥር ስለ ላካቸው ዕቃዎች ብቻ ነው የሚነግረኝ። ይልካል ወይስ አይልክም ለሚለው ጥያቄ ምንም መልስ የለውም። እኔ ደግሞ ከሁሉ በፊት ማወቅ የነበረብኝ እሱን ነበር። ይህን ሻጩ አላደረገውም። የእናንተ አቆጣጠር ነው።

ይህ የማይፈታ ቋጠሮ አይደለም። ትልልቆቹ የውጭ ገበያዎች ከፈቱት ቆይተዋል። አማዞን ላይ ዕቃውን ራሱ የሚልክ ሻጭ ከመላኩ በፊት የሚሰርዘው ትዕዛዝ ከመቶ 2.5 በታች መሆን አለበት። ካለፈ አካውንቱ ሊታገድ ይችላል። ኢቤይ ላይ ሻጭ ሲሰርዝ ምክንያቱን መምረጥ አለበት። «ዕቃው አልቋል» ካለ በመዝገቡ ላይ እንደ ጉድለት ይቆጠርበታል። በርግጥ እዚያም ዘዴኛ አይጠፋም። አንዳንዱ ሻጭ እንዳይቆጠርበት «ገዢው ነው ሰርዝልኝ ያለው» የሚለውን ይመርጣል። ወይም ለገዢው ጽፎ «እባክህ አንተ ሰርዘው» ብሎ ይለምናል። ስለዚህ ምክንያት ማስጻፉ ብቻውን አይበቃም። የተጻፈው ምክንያት ለገዢው መድረስና እውነት ነው ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት። እኔ «ሰርዙልኝ» ሳልል እንዲያ ተብሎ ከተጻፈብኝ አንድ ቁልፍ ተጭኜ «አላልኩም» ማለት መቻል አለብኝ።

ስለ ገንዘቡም ልንገራችሁ፤ ተመለሰ ብላችሁ ስለምታስቡ። ትዕዛዙ የተሰረዘው ጥቅምት 22 ነው። ኅዳር 3 ቀን «ተመላሽ ተደርጓል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ቴሌብሬን ብከፍት የለም። ለካ የገባው እናንተ ዋሌት በምትሉት አፑ ውስጥ ባለ ሂሳብ ነው። በእሱ ከእናንተ ጋ ሌላ ዕቃ መግዛት እችላለሁ። ዳቦ መግዛት ግን አልችልም። ማውጣት ስጠይቅ መታወቂያዬን ፎቶ አንስቼ እንድልክ ተጠየቅኩ። ላክሁ። «በመጣራት ላይ» እንዳለ እስከ ዛሬ አለ። ስከፍል መታወቂያ ያልጠየቀኝ አፕ ሲመልስ ማንነቴን ተጠራጠረ።

ውል ሲፈርስ ሁለቱም ወገኖች በተቻለ መጠን ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ ይህም ቁጥር 1815 ላይ አለ። እኔ ከውሉ በፊት የነበረኝ በቴሌብር ያለ 23,400 ብር ነው። በእናንተ ሱቅ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ቁጥር አልነበረኝም። ከከፈልኩበት ቀን እስከ ኅዳር 3 ገንዘቤ 16 ቀን እናንተ ጋ ቆየ። ከዚያ በኋላም ስሙ ተለወጠ እንጂ ከእናንተ አልወጣም።

በዚህ መሀል ማና ላይ የሆነውን በአጭሩ ልጨምር። የመጀመሪያው ዙር ጀንፈል ደረቀና አንድ ገዢ መጣ። አምስት ኩንታል ነው። አባቴ እንደ ልማዳቸው ነቅንቀው «ደርቋል» አሉ። ገዢው የራሱን መሣሪያ አውጥቶ እርጥበቱ ከመቶ 14.5 ነው አለ። ከኩንታሉ 4 ኪሎ ቀንስ አለ። መከራከሪያ ስለሌላቸው ቀነሱ። ማታ ደውለው ሲነግሩኝ ሂሳቡን ሠራሁት። የሰውየው ቁጥር ትክክል ነው ብንል እንኳ፣ 14.5 እርጥበት ያለው መቶ ኪሎ ወደ 12 ሲወርድ የሚያጣው 3 ኪሎ አይሞላም። አራት ያስቀነሰበት ምክንያት የለም። መሣሪያው እጃቸው ላይ ቢኖር አባቴም ለክተው «በል አሁን እንነጋገር» ይሉት ነበር። ይህን ኪሳራ በእናንተ ላይ አልጭንም። ገዢው ነው የቀነሰው። ግን የተሰረዘ ትዕዛዝ ማለት ለእናንተ ቀይ ጽሑፍ ሲሆን ለሌላ ሰው ምን እንደሆነ እንድታዩት ነው የጻፍኩት። ያኔ በጥቅምት ቢነገረኝ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ልኬ ሌላ ቦታ አስገዛ ነበር። ገንዘቡ ግን እናንተ ጋ ታስሮ ነበር።

የምፈልገው ብዙ አይደለም። መሣሪያውን አሁን አልፈልገውም። ጎረቤት አንድ አለው፤ አባቴ እየተዋሱ ነው። ገንዘቤ ወደ ወጣበት ቴሌብር ይመለስልኝ። ከዚያ ሻጩን ጠይቃችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ንገሩኝ። መልሱ «ዋጋ ጨምሬ ልሸጥ ብዬ ነው» ቢሆንም ግድ የለኝም፤ ልወቀው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ዕቃው ለምን እንደማይመጣ ማወቅ ከዚያ ያነሰ ጥያቄ አይመስለኝም። ሦስተኛው ለእኔ ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ ሻጭ ገጽ ላይ ከኮከቡ አጠገብ አንድ ቁጥር ጨምሩ፤ ከተቀበላቸው ትዕዛዞች ስንቱን እንደሰረዘ። ቁጥሩ እናንተ ጋ አለ። አዲስ ነገር መሥራት አይጠይቃችሁም፤ የደበቃችሁትን ማሳየት ብቻ ነው።

አንድ ባለሙያ ወዳጄ ይህን ሳነብለት «ሻጮቹ ይሸሿቸዋል» አለኝ። ሊሆን ይችላል። የሚሸሸው ግን የትኛው ሻጭ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

ይህን ለምታነቡ ገዢዎችም አንዲት ነገር ልበል። ትዕዛዛችሁ «ተቀብሏል» ሲል የዚያኑ ሰዓት ስክሪንሾት አንሱ። ዋጋው፣ ቀኑና የሻጩ ስም አንድ ላይ ይታዩ። የቴሌብሩን መልእክት አታጥፉ፤ የክፍያ ቁጥሩ ነው ምስክራችሁ። ከተሰረዘባችሁ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ቆይታችሁ ያንኑ ዕቃ ፈልጉት። እንደገና ወጥቶ ካገኛችሁት ያንንም አንሱት። እኔ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ስላላነሳሁት አሮጌው ዋጋ ያለኝ በክፍያው መልእክት ላይ ብቻ ነው። ደግነቱ እሱ በቂ ነው።

መልስ እስከ ኅዳር 30 እጠብቃለሁ። ካልመጣ ማስረጃዎቼን ይዤ ወደ ከተማችን ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ሁሉንም አትሜ በአንድ ክላሴር አድርጌዋለሁ፤ ለነገሩ ወረቀቱም ክላሴሩም ከሱቄ ነው።

ስልኬ እናንተ ጋ አለ። ከሐሙስ በቀር በማንኛውም ሰዓት ደውሉ። ሐሙስ ገበያ ነው፤ አልሰማችሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አንዲት ደንበኛችሁ